ጡረታ የወጣ የግንባታ ባለሙያ በትርፍ ሰዓቱ የቤት ግንባታ ክትትል አገልግሎት የሚሰጥበት አሠራር

በዋሽንግተን፣ በፍራንክፈርት ወይም በዱባይ እየኖረ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ቤት የሚያሠራ ሰው ከሁሉም በላይ የሚቸገረው ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ብረቱን የሚያይለት ባለሙያ በማጣቱ ነው። ሥራውን የያዘው ተቋራጭ የራሱን ሥራ ራሱ እንዲመረምር መጠበቅ አይቻልም፤ ፎቶ የሚልክለት ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ደግሞ ልቡ ቅን ቢሆንም የስትራክቸር ፕላን ማንበብ አይችልም። በየቀኑ ሳይት ላይ የሚውል መሐንዲስ ለመቅጠር የአንድ መኖሪያ ቤት በጀት አይበቃም። አገር ውስጥ ሆነው ቢሮ የሚውሉ፣ ሳይት የሚደርሱትም ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ የሆነ ባለቤቶችም ችግራቸው ያው ነው።

በሳይት መሐንዲስነት፣ በፎርማንነት ወይም በተቆጣጣሪነት ዕድሜውን አሳልፎ ጡረታ የወጣ ሰው ይህን ክፍተት በትርፍ ሰዓቱ ሊሞላ ይችላል፤ ምክንያቱም ለአንድ ቤት የሚያስፈልገው የየቀን ውሎ ሳይሆን በትክክለኛው ቀን የሚደረግ የአሥርና የአሥራ አንድ ጊዜ ጉብኝት ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ይህን አገልግሎት ከመጀመሪያው አንሥቶ ለማደራጀት የሚያስፈልገው አሠራር ነው።

1. የሚሸጡትንና የማይሸጡትን አስቀድመው ይለዩ

የሚሸጡት ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው፣ አንድ ሥራ ከመሸፈኑ በፊት ቦታው ድረስ ሄዶ ከፕላኑ ጋር ማመሳከር ነው። ሁለተኛው፣ ያዩትን በፎቶና በጽሑፍ ለባለቤቱ ማሳወቅ ነው። መሠረቱ በአፈር፣ ብረቱ በኮንክሪት፣ ቧንቧው በልስን ከተሸፈነ በኋላ የሚደረግ ጉብኝት ባለቤቱን አይጠቅመውም፤ ስለዚህ የአገልግሎቱ ዋጋ ያለው ከመሸፈኑ በፊት ባለው አንድና ሁለት ቀን ውስጥ ነው።

የማይሸጡት ዝርዝር ግን ይረዝማል፤ በጽሑፍም መቀመጥ አለበት። ስሚንቶና ብረት አይገዙም፤ ለሠራተኛ ክፍያ አይፈጽሙም፤ ግንበኛ ወይም ፌራዮ አይቀጥሩም፤ የባለቤቱን ውክልናም አይወስዱም። ውጭ አገር ያለ ደንበኛ እርስዎን ካመነ በኋላ «ገንዘቡን ለእርስዎ ልላክና እርስዎ ይክፈሉልኝ» ማለቱ የማይቀር ነው። ጥያቄው ከመተማመን የመጣ ቢሆንም እሺ ማለት የለብዎትም፤ ዕቃ የገዛ ሰው የራሱን ግዢ ጥራት ለመመርመር ነጻ አይሆንም፤ የብረት ዋጋ በወራት ውስጥ በሚለዋወጥበት ገበያ ደግሞ እያንዳንዱ ደረሰኝ የጥርጣሬ ምንጭ ይሆናል። ከብረት ነጋዴ ወይም ከተቋራጭ የሚመጣ ኮሚሽንም በዚሁ ምክንያት አይነካም። ዲዛይን መለወጥም የእርስዎ ሥራ አይደለም፤ ፕላኑ ላይ ስሕተት የመሰለ ነገር ካዩ ጥያቄውን ፕላኑን ላወጣው መሐንዲስ በጽሑፍ ማቅረብ እንጂ ሳይት ላይ «ይህን ብረት ቀንሱት» ብሎ ማዘዝ አይገባም።

2. ከሕጉ አንጻር የቆሙበትን ቦታ ያስተካክሉ

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ እና ሐ በሚሉ ሦስት ምድቦች ከፍሏቸዋል፤ በምድቡ ከፍታ መጠንም የሚጠየቀው የባለሙያ ኃላፊነት ይጨምራል። ሕጉ የተመዘገበ ባለሙያ እንዲቆጣጠረው በሚያዝበት ግንባታ ላይ እርስዎ የዚያ ባለሙያ ምትክ ሆነው መቅረብ አይችሉም፤ የምዝገባ ፈቃዱን ካላደሱ በቀር። ስለዚህ አገልግሎትዎን «ለባለቤቱ የሚሰጥ የጉብኝትና የሪፖርት አገልግሎት» ብለው ይሰይሙት እንጂ «የግንባታ ቁጥጥር» አይበሉት። ሥራ ከመቀበልዎ በፊት የግንባታ ፈቃዱን ቅጂ ይጠይቁና ምድቡን፣ በፈቃዱ ላይ የተጠቀሰውን አማካሪና ተቋራጭ ይመልከቱ። ፈቃድ የሌለው ግንባታ ከሆነ ሥራውን አይቀበሉ።

ሙያዊ ምዝገባዎ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚፈቅድልዎ በአካባቢዎ ያለውን የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት በአካል ሄደው ይጠይቁ። የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም ያስፈልግዎታል፤ የፈቃድ ማመልከቻው etrade.gov.et በሚለው ድረ ገጽ ይቀርባል። ይህን ሳያሟሉ በወዳጅነት መጀመር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ደረሰኝ የማይሰጥ ባለሙያ ክርክር በተነሣ ቀን ስምምነቱን የሚያስረዳበት ነገር አይኖረውም።

3. ዕውቀትዎን ከዛሬው ደረጃ ጋር ያስተያዩ

ብዙዎቻችን የተማርነውና የሠራነው በ1980ዎቹ አጋማሽ በተዘጋጀው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ነው። አሁን የሚወጡት ፕላኖች ግን ከአውሮፓ ኮድ ጋር ተጣጥሞ የተዘጋጀውን አዲሱን ደረጃ የሚከተሉ ናቸው፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ካርታውም ጭምር ተሻሽሏል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተከሰተው ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ እንደተሰማ እናስታውሳለን። በዚህም ምክንያት በኮለንና በቢም መገናኛ ላይ የሚታሰሩት ስታፋዎች ብዛትና አጠማዘዝ ቀድሞ ከለመድነው ሊለይ ይችላል። «በእኛ ጊዜ እንዲህ ነበር» የሚለው አነጋገር ሳይት ላይ አይሠራም፤ መመርመሪያው ፕላኑ ብቻ ነው።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ሜትር፣ ቱምቢ፣ ውሃ ልክ፣ ካሊፐር፣ እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን ተንጠልጣይ ሚዛን፣ ክዳን ያለው ግልጽ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ፣ የራስ ቁር እና ሚስማር የማይበሳው ጫማ ይበቃል። የካሳፎርማ መሰላል መውጣት የሚከብድዎት ከሆነ የጉዞ ቀን የሚከፈለው አንድ ወጣት ረዳት ይያዙ፤ ሜትሩን እሱ ይዘርጋ፣ ንባቡን እርስዎ ይመዝግቡ።

4. የጉብኝቱን መርሐ ግብር ከፕላኑ ያውጡ

ነገሩን በአንድ ቤት እንየው። ባለቤቷ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር፣ ቦታው በአያት በኩል የሆነ፣ ጂ+1 መኖሪያ ቤት ነው እንበል። የአንደኛው ፎቅ ሶሌታ ስፋቱ 90 ካሬ ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። ፕላኑን ተቀብለው አንድ ሙሉ ቀን ቤትዎ ተቀምጠው ካነበቡ በኋላ የሚያወጡት መርሐ ግብር ወደ 11 ጉብኝት ይደርሳል።

የመጀመሪያው ቁፋሮው እንዳለቀ ነው። በዚያ አካባቢ ጥቁሩ መረሬ አፈር በርከት ያለ ስለሆነ መሠረቱ ጠንካራው አፈር ላይ መድረሱን በዓይን ማየት ያስፈልጋል፤ መረሬ በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ በላዩ ላይ ያረፈ ቤት ግድግዳው መሰንጠቁ አይቀርም። ሁለተኛው የፉቲንግ ብረት ከታሰረ በኋላ፣ ሦስተኛው የመሠረት ኮለንና የግሬድ ቢም ብረት ሲያልቅ፣ አራተኛው የምድር ቤቱ ኮለኖች ካሳፎርማ ከመዘጋቱ በፊት ነው። አምስተኛውና ስድስተኛው ለሶሌታው የተመደቡ ናቸው፤ አንዱ ሙሌቱ ሊካሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሌላው በሙሌቱ ዕለት ነው። ሰባተኛው ለላይኛው ፎቅ ኮለኖች፣ ስምንተኛው ለጣሪያ ቢሙ፣ ዘጠነኛው የውሃና የኤሌክትሪክ መስመሮች ተቀብረው ልስን ከመጀመሩ በፊት ነው። አሥረኛው ለመታጠቢያ ቤቶች ወለል የውሃ ሙከራ ይውላል፤ ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት መውረጃው ተደፍኖ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ አንድ ሙሉ ቀን ይቀመጥና ከታች ያለው ሶሌታ ርጥበት ማሳየት አለማሳየቱ ይታያል። አሥራ አንደኛው የርክክብ ነው።

ይህ መርሐ ግብር ለተቋራጩም ይሰጠዋል። ዋናው ነገር ባለቤቷና ተቋራጩ በሚፈራረሙት ውል ውስጥ «ከነዚህ ደረጃዎች በፊት ቢያንስ ከሦስት ቀን ቀድሞ ለጎብኚው ባለሙያ ይነገራል፤ የጉብኝት ሪፖርት ሳይደርስ ቀጣዩ ክፍያ አይለቀቅም» የሚል አንቀጽ መግባቱ ነው። ይህ አንቀጽ ከሌለ «ሚክሰሩ ስለተገኘ ትናንት ሞላነው» የሚል ስልክ ይመጣል፤ በዚያን ጊዜ እርስዎ ማድረግ የሚችሉት ያላዩት መሆኑን መዝግቦ ማሳወቅ ብቻ ይሆናል። ውሉ ከእርስዎ መምጣት በፊት ተፈርሞ ከሆነ ተጨማሪ ስምምነት እንዲፈራረሙ ይጠይቁ፤ ተቋራጩ እምቢ ካለ ሥራውን አለመቀበል ይሻላል።

5. አንድ ጉብኝት እንዴት ይካሄዳል

የሶሌታውን ጉብኝት በዝርዝር ማየት ሌሎቹንም ለመረዳት ይጠቅማል።

ጉብኝቱ ሙሌቱ ነገ ጠዋት ከሆነ ዛሬ ጠዋት መሆን አለበት፤ ማታ ከሆነ ጉድለት ቢገኝም ለማስተካከል ጊዜ አይኖርም፤ ፌራዮውም ወደ ሌላ ሳይት ሄዷል። መጀመሪያ የብረቱን ውፍረት ያረጋግጡ። ጥርስ ያለውን ብረት በካሊፐር ብቻ መለካት ስለሚያሳስት ከሳይቱ ቁርጥራጭ አንድ ሜትር አስለክተው ይመዝኑት። የሚጠበቀው ክብደት የሚገኘው ውፍረቱን በሚሊ ሜትር በራሱ አባዝቶ ለ162 በማካፈል ነው። በዚህ ስሌት የ12 ሚሊ ሜትር ብረት በሜትር 0.89 ኪሎ፣ የ14ቱ 1.21 ኪሎ ይመዝናል። ጥቂት ፐርሰንት ልዩነት ያለ ነው፤ ነገር ግን «12 ነው» የተባለው 0.75 ኪሎ ከሆነ በእጅዎ ያለው 11 ሚሊ ሜትር ብረት ነው። ይህን ባለቤቷ ቤቷ ሆና ከፎቶ ልታውቀው አትችልም።

ቀጥሎ በብረቶቹ መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ። አንዱን ክፍተት ብቻ መለካት አይበቃም፤ አሥር ክፍተት በአንድ ላይ ለክቶ ለአሥር ማካፈል ትክክለኛውን አማካይ ይሰጣል። ከዚያ ብረቱን ከካሳፎርማው የሚለየው ስፔሰር መኖሩን ይመልከቱ፤ ፕላኑ ላይ የተጻፈው ሽፋን ሳይኖረው ጣውላ ላይ የተኛ ብረት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይዝግና ከሥር ያለውን ኮንክሪት ይገፈትረዋል። ሶሌታ ከሥር ሲላጥ የምናየው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ከግድግዳ ወጥቶ የተንጠለጠለው በረንዳ ነው። በመደበኛው ሶሌታ መካከል ላይ የሚሳበው የታችኛው ክፍል ሲሆን በተንጠለጠለ በረንዳ ላይ ግን የሚሳበው የላይኛው ነው፤ ስለዚህ ዋናው ብረት ከላይ ሆኖ ወደ ውስጠኛው ሶሌታ በቂ ርዝመት መግባት አለበት። በሙሌቱ ዕለት ባሬላ ተሸክመው የሚመላለሱት ሠራተኞች ይህን ብረት ይረግጡትና ወደ ታች ይወርዳል። ጠዋት ትክክል የነበረው ከሰዓት በኋላ ዋጋ የለውም። ስለዚህ የላይኛውን ብረት ደግፈው የሚይዙ የብረት እግሮች በበቂ መኖራቸውን፣ ለሠራተኞቹ መሄጃም ጣውላ መነጠፉን ያረጋግጡ። በሙሌቱ ዕለት የሚሄዱበት አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው ነው፤ በረንዳው ሊሞላ ሲል አጠገቡ ይቁሙ።

በዚያው ዕለት የሚታየው ሌላው ነገር ቅልቅሉ ነው። ፕላኑ ሲ25 የሚል ከሆነና ሌላ የተለየ የቅልቅል መመሪያ ካልተሰጠ በአገራችን የተለመደው አንድ ከረጢት ስሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋና ሦስት ሳጥን ጠጠር ነው፤ ሳጥኑም 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 36 ሊትር ይይዛል። ሳጥኑን ራስዎ ይለኩት፤ ቁመቱ በሁለት ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ አሸዋውና ጠጠሩ ከአሥር ፐርሰንት በላይ ይጨምራሉ። ውሃው ለአንድ ከረጢት ከ25 ሊትር ብዙ መብለጥ የለበትም፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ሠራተኛው ኮንክሪቱ እንዲለሰልስለት ውሃ መጨመር ይወዳል፤ ቪብሬተር በሚገባ ከሠራ ግን ትርፍ ውሃ አያስፈልግም።

አሸዋውን በጠርሙሱ ይፈትሹት። እስከ ግማሹ አሸዋ፣ ከዚያ በላይ ውሃና ጥቂት ጨው ጨምረው በደንብ ካናወጡት በኋላ ለሦስት ሰዓት ያህል ያቁሙት። ከላይ የሚረጋው ደለል ከአሸዋው ከፍታ አንጻር ከ6 ፐርሰንት በላይ ከሆነ አሸዋው መታጠብ ወይም መመለስ አለበት። አሸዋው 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ደለሉ ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም ማለት ነው። ይህ ፍተሻ መደረግ ያለበት በሙሌቱ ዕለት ሳይሆን አሸዋው እንደመጣ ነው፤ ረዳትዎ ወይም የባለቤቷ ዘመድ ጠርሙሱን ሊያዘጋጁልዎት ይችላሉ።

ሙሌቱ ሲያበቃ ባዶ የስሚንቶ ከረጢቶችን ይቁጠሩ። 90 ካሬ ሜትር በ15 ሴንቲ ሜትር 13.5 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ቢሞቹ ወደ 4.5 ሜትር ኩብ ይወስዳሉ ካልን ድምሩ 18 ሜትር ኩብ ነው። በተጠቀሰው ቅልቅል አንድ ሜትር ኩብ ሰባት ከረጢት ያህል ስለሚፈልግ ወደ 126 ከረጢት መኖር አለበት። 95 ብቻ ከተገኘ ቅልቅሉ ሳስቷል፤ ወይም ውፍረቱ ቀንሷል። ባለቤቷ 160 ከረጢት እንዲገዛ ገንዘብ ልካ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። እርስዎ የሚጽፉት ግን ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ሌብነት ብሎ መፈረጅ ሥራዎ አይደለም፤ ቁጥሩም ራሱ በቂ ነው።

ከመሄድዎ በፊት ውሃ ማጠጣት የሚጀምርበትን ሰዓትና የሚያጠጣውን ሰው ስም ይጠይቁ። ቢያንስ ለሰባት ቀን ሳይደርቅ መቆየት ይኖርበታል፤ ከሥር ያለው ድጋፍም መሐንዲሱ ከፈቀደው ቀን በፊት አይነሣም።

6. ሪፖርቱን በዚያው ቀን ይጻፉ

ሪፖርቱ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ባለቤቷ የምትፈልገው መልስ ይቀመጥ፤ «መሞላት ይችላል»፣ «እነዚህ ሦስት ነገሮች ከተስተካከሉ መሞላት ይችላል»፣ ወይም «መሞላት የለበትም»። ከዚህ በታች ፕላኑ የሚለው፣ ሳይት ላይ የተገኘው እና መደረግ ያለበት ጎን ለጎን ይጻፋል። «ሥራው ጥሩ ነው» ወይም «ብዙ ጉድለት አለበት» የሚል ዓረፍተ ነገር አይረዳትም፤ «በአክሲስ ለ እና 3 መገናኛ ላይ በፕላኑ ስምንት ስታፋ ሲጠየቅ አምስት ተገኝቷል» የሚለው ግን ተቋራጩም የማይክደው ነው።

ፎቶዎቹ ላይ ሜትሩ ተዘርግቶ ቁጥሩ መነበብ አለበት፤ የክፍሉም አጠቃላይ ገጽታ ከሩቅ ይነሣ፤ አለዚያ ከሌላ ቦታ የተነሣ ፎቶ ነው የሚል ክርክር ሊመጣ ይችላል። ሪፖርቱ ለባለቤቷና ለተቋራጩ በአንድ ሰዓት ይላክ። ለተቋራጩ ሳይነገር ለባለቤቷ ብቻ የሚላክ ሪፖርት ሳይቱን የጥርጣሬ ቦታ ያደርገዋል፤ ፎርማኑም ቀጥሎ ሲሄዱ በር ይዘጋብዎታል። ከፎርማኑ ጋር የሚኖርዎት አነጋገርም ይህን ያህል ይመዝናል። ጉድለት ሲያገኙ ሠራተኞቹ ፊት ድምፅ ከፍ አድርገው ከመናገር ወደ ጎን ጠርተው፣ ፕላኑን ዘርግተው «እስቲ ይህን አብረን እንየው» ቢሉት አብዛኛው በዚያው ሰዓት ይስተካከላል፤ ሪፖርቱ ላይም «ተገኝቶ ተስተካክሏል» ተብሎ ይጻፋል።

ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ ያላዩትን ይጻፉ። በዚያ ቀን የተሸፈነ፣ ያልደረሱበት ወይም ሊለኩት ያልቻሉት ነገር ሁሉ በስም ይጠቀስ። ነገ በቤቱ ላይ ችግር ቢነሣ የእርስዎ ኃላፊነት የት እንደጀመረና የት እንዳበቃ የሚያሳየው ይህ አንቀጽ ነው።

7. ዋጋውን ከሰዓት ያስሉ

የግንባታ ወጪ ፐርሰንት መጠየቅ የአማካሪ ድርጅቶች ልማድ ነው፤ ለእርስዎ ግን አይስማማም፤ ቤቱ በተወደደ ቁጥር የእርስዎ ክፍያ የሚጨምር ከሆነ ምክርዎ መጠርጠሩ አይቀርም። በጉብኝት ማስከፈል ይሻላል።

ለዚህ ቤት ስሌቱ የሚከተለውን ይመስላል፤ የሰዓቱን ዋጋ 600 ብር ያደረግነው ለስሌት ማሳያ ብቻ ሲሆን እርስዎ በሙያ ደረጃዎና በአካባቢዎ ገበያ ይወስኑታል። አንድ ጉብኝት ሳይት ላይ ሦስት ሰዓት፣ መንገድ ሁለት ሰዓት፣ ሪፖርት ሁለት ሰዓት፣ በድምሩ ሰባት ሰዓት ይወስዳል፤ ይህም 4,200 ብር ነው። ትራንስፖርትና የረዳት አበል 1,000 ብር ሲጨመር 5,200 ይሆናል። 11 ጉብኝት 57,200 ብር ሲሆን ፕላን ለማንበብ የዋለው ስምንት ሰዓት 4,800 ብር ሲደመርበት ጠቅላላው 62,000 ይደርሳል። ከሁሉ የሚረሳው የሪፖርቱ ሰዓት ነው፤ እሱን ሳያስቡ ዋጋ የሰጡ ሰዎች ማታ ማታ በነጻ ሲጽፉ ይገኛሉ።

ክፍያው በሦስት ይከፈል፤ የፕላን ንባቡና የመሠረት ሥራው ጉብኝቶች ከመጀመሩ በፊት፣ እስከ ጣሪያ ቢሙ ያሉት ሶሌታው ከመድረሱ በፊት፣ የቀሩት ልስን ሲጀመር። ሄደው ሥራው ያልተዘጋጀ ከሆነ ጉዞው እንደ ግማሽ ጉብኝት እንደሚቆጠር በስምምነቱ ላይ ይጻፍ። ይህ አንቀጽ ሲኖር ባለቤቷ ራሷ ከአሜሪካ ደውላ «በእርግጥ ታስሮ አልቋል?» ብላ ተቋራጩን ትጠይቃለች።

8. ስንት ቤት መያዝ ይቻላል

ለአንድ ቤት በዓመት ውስጥ የሚውለው ወደ 85 ሰዓት ነው፤ በዚህ ስሌት አምስትና ስድስት ቤት መያዝ የሚቻል ይመስላል። በተግባር ግን አይቻልም። ከመስከረም በኋላ ዝናቡ ሲያቆም ሁሉም መሠረት መቆፈር ስለሚጀምር ጉብኝቶቹ በኅዳርና በታኅሣሥ አንድ ላይ ይደራረባሉ፤ በአንድ ሳምንት ሦስት ሶሌታ ሊገጥም ይችላል። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ቤት ይበቃል፤ ሁሉም በከተማው አንድ አቅጣጫ ይሁኑ። አንዱ አያት፣ ሌላው ዓለም ባንክ ከሆነ ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል።

የመጀመሪያው ደንበኛ የሚገኘው አብረው ከሠሩ መሐንዲሶችና ፕላን ከሚያወጡ አነስተኛ ቢሮዎች ነው፤ የራሳቸውን ፕላን በአግባቡ የሚያስፈጽምላቸው ሰው ማግኘት እነሱንም ይጠቅማቸዋል። የባለቤቱ ስምና አድራሻ ተሰርዞ የተዘጋጀ አንድ የናሙና ሪፖርት ያሳዩ፤ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ እሱ ያስረዳል። ያ ናሙና ከሌለዎት ዘመድ ወይም ጎረቤት በሚያሠራው ቤት ላይ አንድ ጉብኝት በነጻ አድርገው ያዘጋጁት።

በአንድ ሳይት ላይ «መሞላት የለበትም» ብለው የጻፉበት ሥራ ሳይስተካከል ከተሞላ ለባለቤቷ በጽሑፍ አሳውቀው፣ ፕላኑን ያወጣው መሐንዲስ ወይም ላቦራቶሪ እንዲያየው ጠይቀው፣ መልስ እስኪመጣ ቀጣዩን ጉብኝት ያቁሙ። ይህ ለሁለተኛ ጊዜ ከተደገመ የቀረውን ክፍያ መልሰው ከሥራው ይውጡ፤ የወጡበትንም ቀንና ምክንያት በሪፖርት መልክ ለባለቤቷም ለተቋራጩም ይላኩ።